የምርት ስም ሳይጠራ የቢሮ ኮምፒውተር ስፔሲፊኬሽን እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ቢሮ የአይሲቲ ክፍል ነው የምሠራው። 40 ዴስክቶፕ ልንገዛ ስለሆነ ስፔሲፊኬሽን አዘጋጅ ተብያለሁ። የአምናው ሰነድ «ኮር አይ ፋይቭ፣ 3.0 ጊጋኸርዝና ከዚያ በላይ፣ ራም 8 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋባይት፣ ሞኒተር 24 ኢንች፣ ኦሪጅናል ብራንድ ወይም ተመጣጣኝ» ይላል። የግዥ ክፍሉ የምርት ስም እንዳትጠራ ብሎኛል። ስም ካልጠራሁ ደግሞ ርካሽ ዕቃ እንዳይገባብን ፈራሁ። እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦

ርካሽ ዕቃ እንዳይገባ መፍራትዎ ልክ ነው፤ ነገር ግን የአምናው ሰነድም ከዚያ አያድንዎትም። ጠንካራ የሚመስለው «ኮር አይ ፋይቭ» የሚለው መስመር በእርግጥ ከሁሉም የላላው ነው።

ስሙ የኢንቴል የንግድ ስም ስለሆነ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለውን ኮምፒውተር ከበር ይመልሳል፤ ይህ አንዱ ችግር ነው። የከፋው ግን ስሙ ምንም የማይለካ መሆኑ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ5-2400 «አይ ፋይቭ» ነው፤ በ2022 የወጣው አይ5-12400ም «አይ ፋይቭ» ነው። ፓስማርክ በተባለው የታወቀ የፍጥነት መለኪያ የመጀመሪያው ከ4 ሺህ ነጥብ በታች ያገኛል፣ ሁለተኛው ከ18 ሺህ በላይ። ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት ያላቸው ሁለት ዕቃዎች ሰነድዎ ላይ እኩል ናቸው ማለት ነው። አሁን «3.0 ጊጋኸርዝና ከዚያ በላይ» የሚለውን ይጨምሩበት። የአሮጌው መነሻ ፍጥነት 3.1 ጊጋኸርዝ ነው፣ የአዲሱ 2.5። ገምጋሚው ሰነዱን ቃል በቃል ከተከተለ አሮጌውን አሳልፎ አዲሱን ይጥላል። ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ «እንደሚመታ» እንጂ በአንዱ ምት ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ አይናገርም፤ ስለዚህ የተለያየ ትውልድና የተለያየ አምራች ፕሮሰሰሮችን ለማወዳደር አይሆንም። ከዚህ ሁሉ በላይ ኢንቴል ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ ምርቶቹ ላይ «አይ» የምትለዋን ፊደል እየተወ ነው፤ ስሙን ብቻ የያዘ ሰነድ የኩባንያውን አዲስ ምርት እንኳ ሊጥል ይችላል።

ስህተቱ የኛ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2006 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይን፣ ኔዘርላንድን፣ ፊንላንድንና ስዊድንን የጠየቀው በዚሁ ጉዳይ ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻቸው በጨረታ ሰነድ ላይ የአንድ ኩባንያን ፕሮሰሰር ወይም የተወሰነ ጊጋኸርዝ ይጠይቁ ነበር።

ስለዚህ በስሙ ቦታ ነጥብ ይግባ። ነጥቡ ከየት ይመጣል የሚለው ላይ ግን ብዙ ሰው ይቸኩላል። ከፍ ያለ ቁጥር መጻፍ ጥራት ማስጠበቅ አይደለም፤ ያለ ምክንያት በጀት ይበላል፣ ተወዳዳሪም ይቀንሳል። መነሻው ቢሮዎ ውስጥ ያለው ሥራ ነው። ሠራተኞች «ይህችኛዋ ትበቃለች» የሚሏትን አንዲት ኮምፒውተር ይምረጡ፤ በእሷ ላይ የተለመደውን ሥራ ሁሉ አንድ ላይ ይክፈቱ፦ አሳሹን ከአሥራ አምስት ገጽ ጋር፣ ትልቁን የኤክሴል ፋይል፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ ጸረ ቫይረሱ ከኋላ እየፈተሸ። በዚያ ሁኔታ ካልተንገዳገደች የፕሮሰሰሯን ነጥብ ከፓስማርክ ድረ ገጽ ያንብቡ፤ አዲሶቹ አራት አምስት ዓመት ስለሚያገለግሉ ግማሽ ያህል ይጨምሩበት። ለምሳሌ 8 ሺህ ካገኙ 12 ሺህ ይሆናል።

ይህ ቁጥር ሰነዱ ላይ ከመግባቱ በፊት አንድ ፈተና ማለፍ አለበት። ቢያንስ ከሁለት የፕሮሰሰር አምራቾችና ከሦስት የኮምፒውተር አምራቾች፣ አሁን ገበያ ላይ ያለ ዕቃ ሊያሟላው ይገባል። በ12 ሺህ መነሻ የኢንቴል አይ3-12100 ያልፋል፣ አይ5-12400ም፣ የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂም። ልብ ይበሉ፦ «አይ ስሪ» የሚል ስም ያለው አለፈ። የአምናው ሰነድ ግን ይህን ጥሎ የ2011ዱን «አይ ፋይቭ» ይቀበል ነበር።

አንድ ቁጥር ብቻውን ግን ቀዳዳ አለው። ጠቅላላው ነጥብ የሁሉም ኮሮች ድምር ነው። ብዙ ኮር ያለው የቆየ የሰርቨር ፕሮሰሰር ድምሩን ከፍ አድርጎ ሊያልፍ ይችላል፤ አብዛኛው የቢሮ ሥራ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሁለት ኮር ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ይዘገያል። ፓስማርክ የአንድ ኮርን ነጥብ ለብቻው ስለሚያወጣ ሁለተኛ ወለል ያስቀምጡ፤ ለተራ የቢሮ ሥራ 2,800 ጥሩ ወለል ነው። እንዲሁም በድረ ገጹ ላይ ያለው ነጥብ ሰዎች የላኩት ውጤት አማካይ ስለሆነ በየጊዜው ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። ቀን ካልተወሰነ ተጫራቹ ሲያቀርብ 12,040 የነበረው በግምገማው ቀን 11,970 ሆኖ ክርክር ይነሳል። ስለዚህ መስመሩን እንዲህ ቢጽፉት ይሻላል፦

«የፕሮሰሰሩ የፓስማርክ ሲፒዩ ማርክ ነጥብ ከ12,000 ያላነሰ፣ የአንድ ኮር ነጥቡ ከ2,800 ያላነሰ። የሚወሰደው የጨረታ ማስታወቂያው በወጣበት ቀን በመለኪያው ድረ ገጽ ላይ የነበረውና ከጨረታ ሰነዱ ጋር በአባሪነት የተያያዘው ዝርዝር ነው።»

ዝርዝሩን በዚያ ቀን አትመው ያያይዙት። ከሰነድ ዝግጅቱ ሁሉ አሥር ደቂቃ የማይፈጀው ይህ ነው፤ አቤቱታ ሲመጣ የሚያድንዎትም እሱው ነው። በአባሪው ላይ የሌለ አዲስ ፕሮሰሰር ከቀረበ በናሙና ተፈትኖ እንደሚወሰን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ።

«ወይም ተመጣጣኝ» የሚለውን በተመለከተ፦ የፌዴራሉ የግዥ ሕግ ከአዋጅ ቁጥር 649/2001 ጀምሮ የንግድ ስም እንዳይጠራ፣ ሌላ በቂ መግለጫ ሲጠፋ ብቻ «ወይም ተመጣጣኝ» ተጨምሮበት እንዲጠቀስ ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሐረግ እንደ ማለፊያ ወረቀት ይቆጥረዋል። ግን በምን ተመጣጣኝ? በፍጥነት? በዕድሜ? በዋጋ? መመዘኛው ካልተጻፈ አምስት የኮሚቴ አባላት አምስት ዓይነት ተመጣጣኝ ይኖራቸዋል። መመዘኛው ከተጻፈ ደግሞ ስሙ አያስፈልግም። ስም መጥራት የሚያስገድድ እውነተኛ ሁኔታ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠሩ ከሆነ «ዊንዶውስ 11 ፕሮ 64 ቢት፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው» ብሎ ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ ያስኬዳል። «ፕሮ» የምትለዋን አይርሷት፤ የ«ሆም» ዕትም ከመሥሪያ ቤት ዶሜይን ጋር አይገናኝም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ላይ ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ስለሚፈልጋቸው ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የግድ መጠየቅ አለባቸው፤ እነዚህ የማንም ምርት ስም አይደሉም።

ራምና ዲስክ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። እዚህ ቁጥር ሁሌም ይጻፋል፣ ግን ዕቃው ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር አይገጥምም። 512 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠ ኤስኤስዲ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት 476 ይላል። ማንም አላጭበረበረም፤ አምራቹ ጊጋባይትን በ1,000,000,000 ባይት ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,073,741,824። ርክክብ ላይ ይህን የማያውቅ የቅበላ ኮሚቴ ትክክለኛውን ዕቃ ሲመልስ፣ ወይም ነገሩን የሰማ ሌላ ኮሚቴ በእርግጥ የጎደለውን «ያው እንዲህ ነው የሚያሳየው» ብሎ ሲቀበል ይታያል። ራምም እንዲሁ ነው፦ 16 ጊጋባይት ተገጥሞ 15.7 ወይም ከዚያ ያነሰ «ጥቅም ላይ የሚውል» ይላል፤ የቀረውን የፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ለራሱ ይዞታል። ሞኒተርም ከዚሁ ወገን ነው። «24 ኢንች» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ 23.8 ናቸው። ሰነዱ ላይ «24 ኢንች» ከጻፉ በሐቀኝነት 23.8 ብሎ የሞላው ተጫራች ይወድቃል፣ ያንኑ ሞኒተር 24 ብሎ የሞላው ያልፋል። ስለዚህ «ከ23.8 ኢንች ያላነሰ፣ 1920 በ1080»፣ «ከ512,000,000,000 ባይት ያላነሰ ኤስኤስዲ»፣ «የተገጠመ ራም 16 ጊጋባይት» ብለው ይጻፉ።

ከመጠኑ ባሻገር ራሙ ላይ አንድ ነገር ይጨመር፦ ከተገጠመው ሌላ ቢያንስ አንድ ባዶ ማስገቢያ ይኑር፣ ወይም ያለው ራም ሳይጣል ወደ 32 ማደግ ይቻል። ካልተጻፈ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ አነስተኛ ዴስክቶፕ ሊቀርብልዎ ይችላል፤ እሱን ከዓመታት በኋላ ማሳደግ አይቻልም። ዲስኩ ግን ኤስኤስዲ ከሆነ በኋላ የትኛው ዓይነት ኤስኤስዲ ነው የሚለው ለጽሕፈት ሥራ ብዙ ለውጥ ስለሌለው እኔ ብሆን ኤንቪኤምኢ ይሁን ብዬ አልፈዋለሁ። ሶኬቶቹን በስማቸው ሳይሆን በፍጥነታቸው ይግለጹ፦ ዩኤስቢ 3.0፣ 3.1 ጄን 1 እና 3.2 ጄን 1 የአንድ ነገር ሦስት ስሞች ናቸው፤ «በሰከንድ 5 ጊጋቢት» ካሉ ሁሉም ይገባዋል። ሞኒተሩና ኮምፒውተሩ ያለ መቀየሪያ፣ አብሮ በሚመጣ ኬብል እንዲገናኙም ይጻፍ። አለበለዚያ አንዱ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ይዘው ይመጡና 40 መቀየሪያ ፍለጋ ይወጣል።

አሁን ወደ ስውሩ አድልዎ። ስም ሳይጠሩ አንድ ምርት ብቻ እንዲያልፍ ማድረግ በጣም ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚደረገው በክፋት ሳይሆን በስንፍና ነው። ከአንድ አቅራቢ የተገኘ ብሮሹር ይወሰድና ስሙ ተሰርዞ የቀረው እንዳለ ይገለበጣል። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው፦ የሳጥኑ ቁመት እስከ ሚሊሜትር ነጥብ፣ ክብደቱ እስከ ግራም፣ የዩኤስቢ ሶኬት ልክ 9፣ የአንድ አምራች ብቻ የሆነ የደህንነት ፕሮግራም ስም። ለእያንዳንዱ መስመር «ይህ ቢቀር የትኛው ሠራተኛ ምን ሥራ ያቅተዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ የሌለውን ይሰርዙ። ሳጥኑ ጠረጴዛ ሥር ካለ መደርደሪያ ውስጥ መግባት ካለበት ግን ልኩ ሥራ አለው፤ ያኔ ትክክለኛውን ልክ ሳይሆን ጣሪያውን ይጻፉ፦ «ቁመቱ ከ40 ሴንቲሜትር ያልበለጠ»። ሰነዱ ሲያልቅ ከሦስት አምራቾች አንዳንድ ሞዴል ወስደው በየመስመሩ ምልክት ያድርጉ። አንዱ ብቻ ሁሉንም ካሟላ ሌሎቹን የጣለውን መስመር ያገኙታል፤ በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው።

«ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ይውጣ። ሰው ሊል የፈለገው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው፤ ሦስቱም በየራሳቸው ይጻፋሉ። አንደኛ፣ ዕቃው አዲስና ያልታደሰ ይሁን፤ ይህ ከታች እንደምናየው በዲስኩ የሥራ ሰዓት ይለካል። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ኮምፒውተር መለያ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ሲፈለግ የዚያው ሞዴል ሆኖ ይገኝ። ሦስተኛ፣ ዋስትናው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ይሁን። ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተመረተ ኮምፒውተር ሐሰተኛ አይደለም፤ ሆኖም ዋስትናው እዚያው ብቻ የሚያገለግል ሊሆን ይችላል። «3 ዓመት ዋስትና» ብቻውን ባዶ ቃል ነው። ከርክክብ ቀን የሚቆጠር፣ ብልሽት በተነገረ በ2 የሥራ ቀን ባለሙያ ቢሮው ድረስ የሚመጣበት፣ በ10 የሥራ ቀን ካልተጠገነ ተመጣጣኝ ኮምፒውተር የሚተካበት ይሁን። ቅርንጫፎች ካሉ ከተሞቹ ተዘርዝረው ይጻፉ።

ዩፒኤስ አብሮ የሚገዛ ከሆነ በቪኤ ብቻ አይግዙ። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ፓወር ፋክተሩ 0.6 ከሆነ የሚሸከመው 390 ዋት ነው፤ ለስንት ደቂቃ እንደሚሸከም ደግሞ ቁጥሩ ጨርሶ አይናገርም፣ ያ የባትሪው ጉዳይ ነው። የቢሮ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ በተለመደ ሥራ ላይ ከ100 ዋት ብዙ አያልፍም። ስለዚህ «በ120 ዋት ጭነት ከ10 ደቂቃ ያላነሰ» ይበሉ። ባለ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት አዲስ ባትሪ ያለው ይህን ያልፋል። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ካደረጉት በኋላ ሁለት ባለ 60 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖሎች ሰክተው ከግድግዳው ይንቀሉት፣ ሰዓት ይያዙ።

ይህ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው ሰነዱ ራሱ እንዴት እንደሚረጋገጥ ሲናገር ነው። እያንዳንዱ መስፈርት አጠገብ ማረጋገጫው ይጻፍ፦ በአምራቹ የታተመ መግለጫ፣ በናሙና ፍተሻ ወይም በርክክብ ፍተሻ። ተጫራቹ «ያሟላል» ብሎ ብቻ እንዳይሞላ፣ የሚያቀርበውን ሞዴልና ትክክለኛውን ቁጥር እንዲጽፍ ባዶ ዓምድ ያዘጋጁለት። ናሙናው ላይ ያንኑ መለኪያ ሦስት ጊዜ አስኪደው አማካዩን ይውሰዱ፤ አንድ ኮምፒውተር ከድረ ገጹ አማካይ ትንሽ መውረዱ ያለ ነውና ከወለሉ 90 በመቶ፣ ማለትም 10,800 በቂ እንደሆነ አስቀድመው በሰነዱ ይግለጹ። ከዚያ በታች ከወረደ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ማቀዝቀዣው ደካማ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ራሱን ማዘግየቱ ነው። ይህን ለመያዝ ናሙናው 30 ደቂቃ ሥራ ላይ ከቆየ በኋላ ይለካ።

ርክክብ ላይ ደግሞ 40ዎቹንም ይክፈቱ፤ ለአንዱ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ፓወርሼልን በአድሚኒስትሬተር መብት ከፍተው እነዚህን ያስኪዱ፦

```powershell
Get-CimInstance Win32_BIOS | Select-Object SerialNumber
Get-CimInstance Win32_Processor | Select-Object Name
Get-CimInstance Win32_PhysicalMemory | Select-Object DeviceLocator, Capacity
Get-PhysicalDisk | Select-Object FriendlyName, MediaType, BusType, Size
Get-PhysicalDisk | Get-StorageReliabilityCounter | Select-Object PowerOnHours
slmgr /xpr
```

ራሙ አንድ ባለ 16 ከሆነ 17179869184፣ ሁለት ባለ 8 ከሆኑ ደግሞ 8589934592 ሁለት ጊዜ ይወጣል። የዲስኩ መጠን በባይት ስለሚመጣ ከሰነዱ ጋር በቀጥታ ይነጻጸራል። `PowerOnHours` ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ነው፤ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ጥቂት ሰዓት ነው የሚሆነው፣ ሺዎች ካለ ዕቃው ያገለገለ ነው። ሰነዱ ላይ «ከ50 ሰዓት ያልበለጠ» ብለው ያስቀምጡት። አንዳንድ ዲስክ ይህን ቁጥር ባዶ አድርጎ ስለሚያሳይ በሌላ የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ያጣሩ እንጂ በባዶነቱ ብቻ አይጣሉት። የመጨረሻው ትእዛዝ የዊንዶውሱን ፈቃድ ያሳያል። ከኮምፒውተሩ ጋር የተገዛ ፈቃድ በቋሚነት የነቃ መሆኑን ይናገራል፤ የሚያልቅበት ቀን ከጻፈ ግን የሚታደስ የድርጅት ማንቂያ ወይም በሕገ ወጥ መንገድ የነቃ ሊሆን ስለሚችል አቅራቢውን ይጠይቁ። ቲፒኤሙን ለማየት `tpm.msc` ብለው ይክፈቱ፣ ስሪቱ 2.0 መሆን አለበት።

ውጤቱ በመለያ ቁጥር ተዘርዝሮ ከሞዴል 19 ጋር ይያያዝ። በውሉ ላይም አንድ አንቀጽ ይግባ፦ ያሸነፈው ሞዴል ምርቱ ቢቋረጥ አቅራቢው ሌላ ሊተካ የሚችለው ተተኪው እያንዳንዱን መስመር ሲያሟላ፣ አዲስ ናሙና ተፈትኖ ሲያልፍና ዋጋው ሳይጨምር ብቻ ነው። ጨረታ ከወጣበት እስከ ርክክብ ወራት ስለሚያልፉ ይህ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም።